«ጂሜል ጠየቀኝ»

ደብረ ታቦር ስልክ ስንጠግን፣ ከሰው እጅ ተገዝቶ «ጂሜል ጠየቀኝ» ተብሎ የሚመጣ ስልክ በጣም ያሳዝነኛል። ገዢው ብሩን ከፍሎ እስቴ ወይም ጋይንት ድረስ ይዞት ሄዷል፤ ሲያበራው ግን ቀድሞ የነበረበትን አካውንት አስገባ ይለዋል። አብዛኛውን ጊዜ ሻጩ አላታለለም። ስልኩን አጥፍቶ፣ የድምፅ መጨመሪያውንና ማብሪያውን አንድ ላይ ተጭኖ ፎርማት አድርጎታል። ፎቶውም መልእክቱም ጠፍቷል። ከአንድሮይድ 5.1 ጀምሮ ግን እንዲህ በቁልፍ የተደመሰሰ ስልክ የተሰረቀ ሊሆን ይችላል ተብሎ ስለሚታሰብ፣ የፊተኛው ጂሜል ወይም የቀድሞው የስክሪን መክፈቻ ካልገባለት አይከፈትም። የጂሜሉ ማረጋገጫ ደግሞ ኢንተርኔት ይፈልጋል። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. በክልላችን የሞባይል ዳታ ሲቋረጥ፣ የይለፍ ቃሉን የሚያውቅም ሰው ዋይፋይ ካላገኘ መክፈት አይችልም ነበር።

ስለዚህ ሊሸጥ ለመጣ ሰው ቀድሜ የማነሳው የጂሜሉን ነገር ነው። አንድ አዛውንት ከክምር ድንጋይ መጥተው፣ «አባባ፣ ጂሜሉን ማን ከፈተልዎት?» አልኳቸው።

«ስልኩን የሸጠልኝ ልጅ ነዋ! እኔ ምኑን አውቄው።»

የብዙ ሰው መልስ ይኸው ነው። ደግነቱ፣ ስልኩ እየሠራ ሳለ አካውንቱን ለማውጣት የጂሜሉ የይለፍ ቃል አያስፈልግም። Settings ውስጥ Accounts ገብቶ Remove account ሲባል የሚጠየቀው፣ ቢበዛ የስክሪኑ መክፈቻ ነው። የሳምሰንግ አካውንት ካለ ግን የራሱን የይለፍ ቃል ይጠይቃል፤ የጠፋበት ሰው ሲሙን ሳያወጣ ያስመልሰው።

የአዛውንቱ ችግር ሌላ ነበር። የልጆቻቸው ስልክ ቁጥር ሁሉ የተቀመጠው በዚያ ባለቤት በሌለው ጂሜል ላይ ነው። አካውንቱ ሲወጣ ቁጥሮቹም አብረው ይሄዳሉ፤ ማንም መልሶ አይከፍተውም። ቁጥሮቹን በፋይል አድርጌ ሚሞሪው ላይ አወጣሁ፣ ሚሞሪውን አዲሱ ስልካቸው ላይ ከትቼ ጫንኳቸው፣ አዲስ አበባ ያለችው ልጃቸው ጋ ደውለው ድምጿን ሲሰሙ ነው አካውንቱን ያወጣሁት።

ከመሸጡ በፊት ቴሌግራምም ከአሮጌው ስልክ Log out ይባላል፤ ከተረሳም ከአዲሱ ስልክ Devices ውስጥ ገብቶ ማስወጣት ይቻላል።

ሚሞሪውን ፎርማት አድርገው አብረው የሚሸጡ አሉ፤ እኔ አልመክርም። ተራ ፎርማት የሚያጠፋው የፋይሎቹን መዝገብ ነው፤ የሠርጉ ፎቶ እዚያው ስላለ በነፃ ፕሮግራም ይመለሳል። የስልኩ ሆድ ግን የተለየ ነው፤ አንድሮይድ 10 ይዘው የወጡ ስልኮች የሚያስቀምጡትን ሁሉ ቆልፈው ነው፣ ሪሴት ሲደረጉም መክፈቻው ይጠፋል። ሚሞሪው ላይ ግን ሪሴቱ አይደርስም። አንድ መጠንቀቂያ አለ፦ ሚሞሪው እንደ ስልኩ የውስጥ ማከማቻ ተደርጎ ከነበረ፣ ከሪሴት በኋላ በየትኛውም ስልክ አይነበብም። ፎቶው አስቀድሞ ይገልበጥ።

ሲሙና ሚሞሪው ከወጡ በኋላ ከSettings ውስጥ Erase all data እላለሁ። ሲነሳ ገዢው ፊት ከዋይፋይ ጋር አገናኘዋለሁ። አካውንት ማስገባቱን ዝለል ብዬው ካለፈ ነጻ ነው፤ የቀድሞውን አካውንት ከጠየቀ ሻጩ ገና አልሄደምና እዚያው ይፈታል።