ታህሳስ 30 የሚቀላበት ቀን

በአሰላ የሂሳብ መዝገብ የምይዝላቸው ደንበኞቼ ሱቅ ያላቸው፣ ወፍጮ ቤት ያላቸው፣ ገብስ የሚነግዱ ናቸው። የእያንዳንዳቸው ጉዳይ የራሱ የመጨረሻ ቀን አለው። የሠራተኛ ደመወዝ ግብር በሚቀጥለው ወር 30 ቀን ውስጥ ይገባል፤ የመኪና ቦሎ አለ፤ የገብስ ማስረከቢያ ውል አለ፤ የንግድ ፈቃድ እድሳት ደግሞ ያለ ቅጣት የሚቆየው ከሐምሌ 1 እስከ ታህሳስ 30 ነው። ይህን ሁሉ በአንድ የኤክሴል ሰንጠረዥ አስቀምጬ፣ ቀኑ ሲቃረብ ረድፉ በራሱ እንዲቀላ አደርጋለሁ። ማቅላቱ ቀላል ነው። ሥራው ያለው ከቀለሙ ሥር ባለው ቀን ላይ ነው።

ኤክሴል ቀን ብሎ የሚያውቀው የፈረንጁን ብቻ ነው። ታህሳስ 30 ቀን 2018ን 30/4/2018 ብላችሁ ብትጽፉለት ኤፕሪል 30 ቀን 2018 ብሎ ይወስደዋል፤ ያ ቀን ካለፈ ዓመታት ስለሆኑት ረድፉ ገና ሲጻፍ ይቀላል። ኮምፒውተሩ ወርን በሚያስቀድመው በአሜሪካ አጻጻፍ ከተስተካከለ ደግሞ 30ኛ ወር ስለሌለ ቀን መሆኑ ቀርቶ ተራ ጽሑፍ ይሆናል። የጥቅምት 30ም ዕጣ ያው ነው፤ ፌብሯሪ 30 በየትኛውም አጻጻፍ የለም። ምልክቱ ግልጽ ነው። ኤክሴል ቀን ነው ብሎ የተቀበለው በሴሉ ቀኝ ጠርዝ ይቆማል፣ ጽሑፍ ነው ያለው ወደ ግራ ይጠጋል። ወደ ግራ የተጠጋ ቀን መቼም አይቆጠርም።

ስለዚህ ቀኑን አንድ ሴል ውስጥ አልጽፍም። በB ቀኑን፣ በC ወሩን፣ በD ዓመተ ምሕረቱን ለየብቻ አስገባለሁ። E የሚከተለውን ይይዛል፦

```
=IF(COUNT(B2:D2)=3,365*D2+INT(D2/4)+30*C2+B2-691194,"")
```

የእኛ አቆጣጠር ለሂሳብ የተመቸ ነው። 12ቱም ወራት እኩል 30 ቀን ስለሆኑ ወሩን በ30 ማባዛት ይበቃል፤ ጳጉሜም 13ኛ ወር ሆና ያለ ችግር ትገባለች። INT(D2/4) በየ4 ዓመቱ ለምትጨመረው ቀን ነው። 691194 ደግሞ የእኛን ቁጥር ኤክሴል ከ1900 ጀምሮ ከሚቆጥረው ጋር የሚያገናኝ ልዩነት ነው። ትክክል መሆኑን ለማየት 1፣ 1፣ 2000 ብላችሁ አስገቡ። ሚሊኒየሙን ያከበርንበት ሴፕቴምበር 12 ቀን 2007 ስለሆነ መልሱ 39337 መሆን አለበት። አንድ ቁጥር እንኳ ከተዛነፈ ፎርሙላው ሲገለበጥ ተበላሽቷል ማለት ነው። ባዶ ረድፍ ላይ "" የሚመልሰውም በምክንያት ነው፤ ኤክሴል ባዶ ሴልን ዜሮ አድርጎ ስለሚቆጥር፣ ምንም ያልተጻፈበት ረድፍ ሁሉ ቀኑ እንዳለፈ ይቆጠር ነበር።

አሁን ወደ ቀለሙ። ብዙ ሰው 7 ቀን ሲቀረው ቀይ፣ 30 ቀን ሲቀረው ቢጫ ብሎ ለሁሉም ጉዳይ አንድ ልክ ያወጣል። እኔ ይህን አልወደውም። የደመወዝ ግብር በአንድ ጠዋት ያልቃል። ፈቃድ ለማደስ ግን መጀመሪያ የግብር ክሊራንስ ያስፈልጋል፤ ባለቤቱም ራሱ መገኘት ሊኖርበት ይችላል። ታህሳስ ደግሞ በአርሲ ገብስ የሚወቃበት ጊዜ ነው። ነጋዴው ሳጉሬ ወይም ቦቆጂ እህል እየገዛ ነው፣ ስልኩም ሁልጊዜ አይሠራም። ስለዚህ F ላይ ጉዳዩ የሚፈጀውን የሥራ ቀን በየረድፉ እጽፋለሁ፤ ለግብሩ 3፣ ለፈቃዱ 10። ቀይ ማለት «ዛሬ ካልተጀመረ አይደርስም» ማለት እንዲሆን ነው።

ከA2 እስከ G60 መርጣችሁ Conditional Formatting፣ New Rule፣ ከዚያ Use a formula to determine which cells to format ውስጥ ይህን ጻፉ፦

```
=AND(ISNUMBER($E2),NETWORKDAYS(TODAY(),$E2,$K$2:$K$20)<=$F2)
```

የዶላር ምልክቱ ከEና ከF በፊት እንጂ ከ2 በፊት አይገባም። $E$2ና $F$2 ካላችሁ ረድፉ ሁሉ የመጀመሪያውን ረድፍ ቀለም ይለብሳል፤ ሰንጠረዡ በሙሉ አንድ ቀለም ሲሆን ካያችሁ ስህተቱ እዚያ ነው። K ላይ የበዓላት ቀን በዚያው በE ፎርሙላ ተለውጦ ይቀመጣል። NETWORKDAYS ቅዳሜን፣ እሁድንና እነዚህን በዓላት ዘሎ ይቆጥራል፤ ዛሬንና የመጨረሻውን ቀን ግን ሁለቱንም ይጨምራል።

በ2018 የሆነውን እንይ። ታህሳስ 30 ሐሙስ ነበር፤ ገና ደግሞ በዋዜማው፣ ረቡዕ ታህሳስ 29። ታህሳስ 23 ጠዋት ተራ ቅናሽ ያደረገ ሰው «7 ቀን አለኝ» ይላል። ቅዳሜ፣ እሁድና ገና ሲወጡ ዛሬንም መጨረሻውንም ጨምሮ የቀረው 5 የሥራ ቀን ነው፤ ከመካከሉም አንዱ የገና ዋዜማ ነው፣ ማን ቢሮ ተረጋግቶ ይቀመጣል? ፈቃዱ 10 ስለተሰጠው በእኔ ሰንጠረዥ የሚቀላው ታህሳስ 16 ነው። በተራ የቀን ቅናሽ ቢሆን ኖሮ እስከ ታህሳስ 20 ነጭ ሆኖ ይቆይ ነበር። «ጋሼ፣ ክሊራንሱን ዛሬ እንጀምር» ብዬ የምደውለው ያኔ ነው፤ ገብሱ ላይ ያለ ሰው ለመምጣት ቀናት ያስፈልጉታል።

ከዚህ ደንብ በላይ ሁለት ሌሎች መቀመጥ አለባቸው፤ ኤክሴል ከላይ ወደ ታች ስለሚያነብ ቅደም ተከተላቸው ወሳኝ ነው። አንደኛው G ላይ «አልቋል» የተባለውን ያለ ቀለም የሚተው ነው፦ =$G2="አልቋል"። Stop If True የሚለውንም ምልክት አድርጉበት። ሁለተኛው ያለፈውን ግራጫ የሚያደርገው ነው፦ =AND(ISNUMBER($E2),$E2<TODAY())። ያለፈው ቀን በNETWORKDAYS ኔጌቲቭ ስለሚሆን ይህ ከቀዩ በታች ከተቀመጠ ያለፈውም ቀይ ሆኖ ይቀራል፤ ቅጣት የሚጠብቀውንና ገና የሚደረስበትን መለየት አይቻልም። ቢጫ ከፈለጋችሁ ከቀዩ በታች በ$F2*2 ጨምሩት። ከዚያ በላይ ቀለም አልመክርም፤ ሁሉም ሲያሸበርቅ የሚያየው ሰው ይጠፋል።

በጣም የምፈራው ግን ደንቡን ሳይሆን ሰዓቱን ነው። TODAY() የሚያነበው የኮምፒውተሩን ሰዓት ነው። የማዘርቦርዱ ትንሿ ባትሪ ያለቀችበት አሮጌ ዴስክቶፕ መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ወደ ኋላ፣ ወደ ተሠራበት ዘመን ቀን ይመለሳል። ያኔ ሁሉም ጉዳይ ብዙ ዓመት ይቀረዋልና ሰንጠረዡ ንጹሕ ነጭ ይሆናል። በከንቱ መቅላት ያናድዳል እንጂ አይጎዳም፤ ዝም ማለቱ ነው የሚያስቀጣው። ስለዚህ K1 ላይ =TODAY() በትልቁ ጽፌ አኖራለሁ፣ ፋይሉ ሲከፈት ከሁሉ በፊት የሚታየው እሱ ነው። ታትሞ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ወረቀት ደግሞ የታተመበትን ቀን ብቻ ነው የሚያውቀው።

የበዓላቱ ዓምድ በየዓመቱ እንደ አዲስ ይሞላል። ፋሲካና ሁለቱ ዒዶች ይዞራሉ፤ ዒድ በጨረቃ ስለሚወሰን ሲታወጅ ይታረማል። ገናም ሁልጊዜ 29 አይደለም፤ በ2016 እንደነበረው ሁሉ በዮሐንስ ዓመት ታህሳስ 28 ይውላል፣ ቀጣዩም 2020 ነው። ከዚያ በፊት ያለው 2019 የሉቃስ ዓመት ስለሆነ ጳጉሜ 6 ትሆናለች፤ በጳጉሜ መጨረሻ የሚያልቅ ጉዳይ ካላችሁ B ላይ 5 ብላችሁ የገለበጣችሁትን አርሙት፤ ፎርሙላው ራሱ አያርምላችሁም።