55 ፊደል

ኢንሃንሰር ምን እንደሚሠራ ለአዲስ ተማሪ ማሳየት ሲኖርብኝ ከኢንተርፌሮን ቤታ ጂን እነሳለሁ። ብዙዎቹ ኢንሃንሰሮች ከሚያዙት ጂን በአሥር ሺዎች የሚቆጠር የዲኤንኤ ፊደል ርቀው ስለሚገኙ ፍለጋቸው ራሱ አድካሚ ነው። የዚህኛው ግን ከጂኑ መነሻ ጥቂት ከፍ ብሎ የተቀመጠ 55 ፊደል ያህል ቁራጭ ነው፤ ሙሉውን በአንድ ወረቀት ላይ ጽፎ በእርሳስ ማስመር ይቻላል።

ቫይረስ ባልገባበት ሕዋስ ውስጥ ጂኑ ዝም ያለ ነው። ቫይረስ ገብቶ አርኤንኤው እንደ ሪግ-አይ ባለ ጠባቂ ፕሮቲን ሲታወቅ ግን ምልክቱ በሦስት መንገድ ይጓዛል። ኤንኤፍ-ካፓ-ቢ አግቶ ከያዘው ፕሮቲን ተላቅቆ ወደ ኒውክሊየስ ይገባል። አይአርኤፍ-3 ፎስፌት ከተለጠፈበት በኋላ ይከተለዋል። ኤቲኤፍ-2 እና ሲ-ጁን ደግሞ በኪናዞች አማካይነት ይነቃሉ። እነዚህ ትራንስክሪፕሽን ፋክተሮች በ55ቱ ፊደል ላይ የየራሳቸው መቀመጫ አላቸው፤ መቀመጫዎቹም ጎን ለጎን የተጠጋጉ፣ አንዳንዴም የሚደራረቡ ናቸው።

የምንሞክረው እንዲህ ነው። ኢንሃንሰሩን ፕላዝሚድ ውስጥ ከሉሲፈሬዝ ጂን ፊት እንሰካለን፤ ፕላዝሚዱን ወደ ሕዋሳት እናስገባለን፤ በቫይረስ እንበክላቸውና የሚወጣውን ብርሃን እንለካለን። ሁልጊዜ የሚበራ ሌላ ሉሲፈሬዝ፣ ሬኒላ የሚባለውን፣ አብሮ ማስገባት ግድ ነው። አለዚያ አንዱ ሳህን ብዙ ፕላዝሚድ ስለተቀበለ ብቻ ደምቆ ሲታይ ኢንሃንሰሩ የበረታ ይመስላል።

አሁን የኤንኤፍ-ካፓ-ቢን መቀመጫ ብቻ ለይተን ደጋግመን እንደርድረው። ጂኑን ያስነሳል፤ ነገር ግን ቫይረስ ሳይኖር ቲኤንኤፍ ብቻ ሲጨመርም ያስነሳል። ቲኤንኤፍ በየትኛውም እብጠት ጊዜ የሚለቀቅ ስለሆነ ይህ ዓይነቱ ኢንሃንሰር ለሕዋሱ አይጠቅመውም። ሙሉው 55 ፊደል ግን ኤንኤፍ-ካፓ-ቢ ብቻውን ቢመጣ እምብዛም አይንቀሳቀስም። ሌሎቹም አብረው መድረስ አለባቸው፤ አብረው የሚያመጣቸው ደግሞ ቫይረሱ ነው። ለእኔ የዚህ ጂን ቁም ነገር ይኼ ነው፦ ሙሉው ከክፍሎቹ ይልቅ መራጭ ነው።

መራጭነቱ ከአቀማመጡም ይመጣል። በሁለት መቀመጫዎች መካከል 6 ፊደል ብንጨምር ምላሹ ክፉኛ ይወድቃል። በ6 ፋንታ 10 ስንጨምር ጉዳቱ በጣም ይቀንሳል። ዲኤንኤ በ10 ፊደል ተኩል ገደማ አንድ ዙር ስለሚጠመዘዝ 6 ፊደል አንዱን ፋክተር ወደ ጀርባ ያዞረዋል፤ 10 ፊደል ደግሞ ወደ ነበረበት ፊት ይመልሰዋል። ብዙዎቻችን ከዚህ ተነስተን ፋክተሮቹ እርስ በርሳቸው አጥብቀው የተያያዙ ይመስለን ነበር። በ2007 ፓኔ፣ ማኒያቲስና ሃሪሰን ያወጡት የክሪስታል ምስል ግን በመካከላቸው የሚታየው ንክኪ ጥቂት መሆኑን አሳየ። አንዱ ሲቀመጥ ዲኤንኤውን ለጎረቤቱ በሚመች ቅርጽ ይይዘዋል፤ ከዚያ በላይ ደግሞ ሁሉም በአንድ ፊት ተሰልፈው ሲቢፒ የተባለውን ትልቅ ፕሮቲን በጋራ ይስባሉ።

ሲቢፒና ተባባሪዎቹ የጂኑን መነሻ የሸፈነውን ኒውክሊዮዞም ያላላሉ፣ ገፋ ያደርጉታልም። መንገዱ ቢከፈትም አርኤንኤ ፖሊሜሬዝ 2 ከፋክተሮቹ ትእዛዝ የሚቀበለው በቀጥታ አይደለም። እዚህ ሚዲየተር ይገባል። በሰው ሕዋስ ውስጥ ከ30 ገደማ ፕሮቲኖች የተገጣጠመ ግዙፍ ውህድ ሲሆን የራሱ የዲኤንኤ መቀመጫ የለውም። በአንድ ወገኑ የተለያዩ ፋክተሮች የተለያዩ ክፍሎቹን ይይዛሉ፤ በሌላው ወገን ፖሊሜሬዙን ይዞ ቲኤፍአይአይኤች የፖሊሜሬዙን ጅራት በፎስፌት እንዲያትምና ከመነሻው እንዲላቀቅ ያግዛል። ሲዲኬ-8 ያለበት ተለጣፊ ክፍል ሲገጠምበት ግን ለፖሊሜሬዙ ቦታ ይዘጋል። ስለዚህ የሚዲየተርን አንድ ክፍል አጥፍተን ጂኑ ሲደክም ብናይ ወዲያው «ፋክተሩ የሚይዘው ይህን ነው» ማለት ችኮላ ነው። መላው ውህድ ፈርሶ ሊሆን ስለሚችል ሌሎች ጂኖችም አብረው ደክመው እንደሆነ አስቀድሞ ማየት ያስፈልጋል።

ፕላዝሚዱ ራሱም ያታልላል። በክሮሞዞም ላይ ያለውን የኒውክሊዮዞም አሰላለፍ በትክክል ስለማይዝ፣ በሳህን ውስጥ የበራ ቁራጭ በቦታው ላይ ላይበራ ይችላል። ዛሬ ክሪስፐር ስላለ ለውጡን በክሮሞዞሙ ላይ ሠርቼ ካላየሁ አላምንም።

ሌላው ወጥመድ አማካይ ነው። በቫይረስ ከተበከሉ ሕዋሳት መካከል ይህን ጂን የሚያስነሱት ከፊሎቹ ብቻ ናቸው፤ ጎረቤቶቻቸው ተበክለውም ዝም ይላሉ። የሉሲፈሬዝ መለኪያ ሳህኑን በሙሉ አፍርሶ አንድ ቁጥር ይሰጣል። ቁጥሩ በእጥፍ ሲጨምር እያንዳንዱ ሕዋስ እጥፍ ሠርቶ ይሁን፣ ወይስ የነቁት ሕዋሳት ቁጥር እጥፍ ሆኖ፣ አይለይም። መቀመጫ በመለወጥ የተዳከመ ኢንሃንሰር ባየሁ ጊዜ የጂኑን አርኤንኤ በፍሎረሰንት ምልክት አቅልሜ በማይክሮስኮፕ ሕዋስ በሕዋስ እቆጥራለሁ፤ ብዙ ጊዜ የሚቀንሰው የነቁት ሕዋሳት ብዛት ነው።