ኮንትሮለሩ ያወቀው፣ ስዊቹ ያልሰማው

በተለመደው ስዊች ውስጥ የሚወስነውም የሚያሳልፈውም አንድ ሣጥን ነው። በኦፕንፍሎው ግን ውሳኔው ኮንትሮለር በሚባል ሌላ ማሽን ላይ ባለ ፕሮግራም እጅ ነው። ስዊቹ የሚያየው የፍሎው ቴብሉን ብቻ ነው። የመጣው ፓኬት ከአንዱ መስመር ጋር ከገጠመ በዚያው ያሳልፈዋል፤ ካልገጠመ ደግሞ ለዚያ በተጻፈው መስመር መሠረት ወደ ኮንትሮለሩ ይልከዋል። ለገጠመው ፓኬት ግን ማንንም አይጠይቅም። እኔን አንድ ከሰዓት በኋላ ሙሉ ያለፋኝ ይህ ነው።

በኦፕን ቪስዊች ላይ ሁለት ማሽኖችን አገናኝቼ፣ አንደኛው ሁለተኛውን በየሰከንዱ ፒንግ እያደረገ ሳለ ሁለተኛውን ከፖርት 2 ወደ ፖርት 3 አዛወርኩት። መልሱ ቆመ። የኮንትሮለሩን ሎግ ስከፍት አዲሱን ፖርት በትክክል መዝግቦታል፤ ሁለተኛው ማሽን በፖርት 3 አንድ ፓኬት እንደላከ ተምሮታል። ስለዚህ ኮዴ ጤነኛ ነው ብዬ ኬብልና አድራሻ ስፈትሽ ቆየሁ። መጀመሪያ መጠየቅ የነበረብኝ ስዊቹን ነበር፦

```
ovs-ofctl -O OpenFlow13 dump-flows s1
```

ወደ ሁለተኛው ማሽን የሚወስደው መስመር አሁንም `output:2` ይላል፤ `n_packets` የሚለው ቁጥርም በየሰከንዱ በአንድ ይጨምራል። ፓኬቶቹ ማንም ወደሌለበት ፖርት እየተላኩ ነበር።

መስመሩ ላይ `idle_timeout=10` ስለጻፍኩ በራሱ ይጠፋል ብዬ ተማምኜ ነበር። ነገር ግን ይህ ጊዜ የሚቆጥረው መስመሩ ሥራ የፈታበትን ሰከንድ ነው። እያንዳንዱ ፒንግ ቆጠራውን ከዜሮ ያስጀምረዋል። መልስ ያጣው ላኪ ደጋግሞ በሞከረ ቁጥር የተሳሳተውን መስመር ዕድሜ ያራዝመዋል። ፓኬቱ ስለሚገጥም ደግሞ ኮንትሮለሩ ዘንድ አይደርስም፤ አዲሱን ፖርት ቢያውቅም የሚጠይቀው የለም።

`hard_timeout` ብጽፍ ኖሮ መስመሩ ቢሠራም ባይሠራም በቀጠሮው ይነሳ ነበር። ይህ መድኃኒት ግን ዋጋ አለው፦ ደህና የሚሠሩ መስመሮችም አብረው እየጠፉ ፓኬቶቻቸው እንደገና ወደ ኮንትሮለሩ ይጎርፋሉ፤ እስከ ቀጠሮውም ድረስ ስህተቱ ይቀጥላል። እኔ የመረጥኩት ሌላ ነው። ኮንትሮለሩ አንድ የማክ አድራሻ ፖርት እንደቀየረ ባየ ጊዜ፣ ወደዚያ አድራሻ የሚወስዱትን መስመሮች በሙሉ እንዲሰርዝ ትእዛዝ ይልካል። በእጅ ሲሠራ ይህን ይመስላል፦

```
ovs-ofctl -O OpenFlow13 del-flows s1 "dl_dst=00:00:00:00:00:02"
```

በእጅ እንደሰረዝኩት ቀጣዩ ፒንግ የሚገጥመው መስመር አጥቶ ወደ ኮንትሮለሩ ወጣ፤ `output:3` የሚል አዲስ መስመር ተጻፈ፤ መልሱም መጣ። እናንተም እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥማችሁ፣ የኮንትሮለሩን ሎግ ከማመናችሁ በፊት የስዊቹን ቴብል አንብቡ።