ፊደላችን በእጥፍ ሲቆጠር

ኤክስ ላይ አንድ ፖስት 280 ምልክት ይይዛል ይባላል። በአማርኛ ለሚጽፍ ሰው ግን ልኩ ይህ አይደለም። እዚያ ከፊደል ገበታችን እያንዳንዱ ፊደል እንደ ሁለት ይቆጠራል፤ ስለዚህ በወር ክፍያ የማይጠቀም ጸሐፊ እጅ ላይ የሚቀረው 140 ፊደል ገደማ ነው። ነገሩ የመጣው እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2017፣ የያኔው ትዊተር ጣሪያውን ከ140 ወደ 280 ሲያነሣ ነው። ቻይንኛ፣ ጃፓንኛና ኮሪያኛ በጥቂት ምልክት ብዙ ስለሚናገሩ በነበሩበት እንዲቆዩ ተወሰነ። ቆጠራው የተሠራው ግን ቋንቋ በቋንቋ ተለይቶ አልነበረም። በዩኒኮድ ሰንጠረዥ ከ0 እስከ 4351 ያለው ምልክት፣ ከጥቂት ሥርዓተ ነጥቦች ጋር፣ እንደ አንድ ይቆጠር፤ የቀረው ሁሉ እንደ ሁለት ተባለ። የእኛ «ሀ» ቁጥሯ 4608 ነው። ማንም ስለ አማርኛ ሳያነሣ ፊደላችን ከመስመሩ ማዶ ቀረ።

ይህን የማነሣው እዚህ አይከል ተቀምጬ አንድን ጽሑፍ ለቴሌግራም፣ ለፌስቡክ፣ ለኤክስና ለቲክቶክ ሳዘጋጅ ሥራዬን የሚወስነው እንዲህ ያለው ዝርዝር ስለሆነ ነው። አንዱ ላይ የተጻፈውን በራሱ ወደ ሌላው የሚያሻግሩ መሣሪያዎች አሉ። የአማርኛ ጽሑፍ ሲሰጣቸው ግን ዐረፍተ ነገሩን ከመሃል ይቆርጡታል፣ ሃሽታጉን ያመክኑታል፣ ሊንኩንም ያጠፉታል። ሦስቱም ሊታወቅና ሊታረም የሚችል ምክንያት አላቸው፤ ሥራ ላይ ካለ ጽሑፍ ጋር ባየው ይሻላል።

ጽሑፉ የራሳችን አገር ታሪክ ነው። በጭልጋ ወረዳ፣ ወንዝ ገደሉን እየሸረሸረ ባጋለጠው አፈር ውስጥ፣ 27 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ያስቆጠሩ የእንስሳት ቅሪቶች ተገኝተዋል። ግኝቱ እ.ኤ.አ. በ2003 ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት ወጣ። በማግሥቱ ዓመት ከተገኙት አንዱ፣ በጥርሱ የታወቀ የዝሆን ዘመድ፣ ስሙን ከወረዳችን ወስዶ ቺልጋቴሪየም ተባለ። ይህ እንስሳ ዳይኖቴር ከሚባለው ወገን ነው። ዳይኖቴሮች ከዛሬው ዝሆን ጋር አንድ ግንድ ቢጋሩም ቀድመው የተለዩና ጨርሰው የጠፉ ቅርንጫፍ ናቸው። ስለዚህ «የዝሆን ዘመድ» ማለት ልክ ነው፤ «የዝሆን ቅድመ አያት» ማለት ግን ስሕተት ነው። ጽሑፍ ሲያጥር መጀመሪያ የሚወድቀው እንዲህ ያለው ልዩነት ስለሆነ፣ ማሳጠር ከመጀመሬ በፊት ፈጽሞ የማላስነካቸውን ቃላት አሰምርባቸዋለሁ። እዚህ ላይ ሁለት ናቸው፦ «ዘመድ» እና «ገደማ»። ከሁለቱ አንዱን መልቀቅ ግድ ከሆነ «ገደማ»ን እለቃለሁ፤ «ዘመድ» ግን የትም አይቀርም።

ብዙዎች ረጅሙን ጽሑፍ ጨርሰው ወደ አጭሩ ይወርዳሉ። እኔ ከአጭሩ እጀምራለሁ፤ አጭር ስል በስልክ አጭር መልእክት ልክ ማለቴ ነው። በላቲን ፊደል 160 ምልክት የሚይዘው ኤስኤምኤስ በአማርኛ 70 ብቻ ይይዛል። የሞባይል ኢንተርኔት ባልነበረበት ጊዜ፣ ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን ለወራት እንደሆነው፣ የሚሠራው ይኸው ነው። ስለዚህ የጽሑፉን አስኳል በ70 ምልክት ውስጥ አስቀምጣለሁ፦

«በጭልጋ የ27 ሚሊዮን ዓመት የዝሆን ዘመዶች ቅሪት አለ፤ አንዱ ስሙን ከወረዳችን ወስዷል።»

ክፍት ቦታው ተጨምሮ 56 ነው። ይህ ዐረፍተ ነገር ለሁሉም መነሻ ይሆናል። ፌስቡክ ረጅም ጽሑፍን ከጥቂት መስመር በኋላ አጥፎ ቀሪውን ለማየት ተጫኑ ስለሚል፣ አስኳሉ ከእጥፋቱ በላይ መውጣት አለበት። ቴሌግራም ላይም ማሳወቂያው ስልኩ ላይ ብቅ ሲል የሚታየው የመጀመሪያው መስመር ነው። «ውድ የገጻችን ተከታታዮች እንደምን አላችሁ» ብሎ የሚጀምር ጽሑፍ ያንን ቦታ በሰላምታ ይጨርሰዋል። ሰላምታ ማስቀረት ለሰው ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ቢሆንም መጨረሻው ላይ ምስጋና ይቻላል።

አሁን ኤክስ። አስኳሉ ሰፋ ብሎ እንዲህ ይሆናል፦

«ከአይከል ብዙም ሳይርቅ፣ በጭልጋ ምድር 27 ሚሊዮን ዓመት ያስቆጠረ የዝሆን ዘመዶች ጥርስ ተገኝቷል። አንዱ ዝርያ ስሙን ከወረዳችን ወስዶ ቺልጋቴሪየም ተባለ። #ጭልጋ»

እንቁጠረው። ከሃሽታጉ በፊት ያለው ፊደልና ነጥብ 78 ነው፤ አራት ነጥቡና ነጠላ ሰረዙም እንደ ፊደል በእጥፍ ስለሚቆጠሩ 156 ይሆናል። 27 የሚለው አኃዝ 2 ነው፤ በቃላት መካከል ያለው ክፍት ቦታ ደግሞ 19። ድምሩ 177። ሃሽታጉ ከፊቱ ካለው ክፍት ቦታ ጋር 8 ይወስዳል። ሊንክ ቢረዝምም ቢያጥርም ኤክስ ላይ 23 ተብሎ ነው የሚቆጠረው፤ ከክፍት ቦታው ጋር 24። ጠቅላላው 209፣ የቀረው 71፤ ይኸውም 35 ፊደል ነው። ከዚህ ሁለት ነገር ይገኛል። ሊንክ ማሳጠሪያ መጠቀም ኤክስ ላይ አንድም ፊደል አያተርፍም፤ አንባቢው የት እንደሚሄድ እንዳያውቅ ከማድረግ በቀር። አኃዝን በቃል መጻፍ ደግሞ ውድ ነው፦ «27» ሁለት ሲወስድ «ሃያ ሰባት» 11 ይወስዳል።

ሃሽታግ ላይ ችግሩ ከሰዋስዋችን ይነሣል። አማርኛ መስተዋድዱን ከስሙ ጋር ያጣብቃል፦ በጎንደር፣ ከጎንደር፣ የጎንደር። «በ#ጎንደር» ብለን ብንጽፍ ኤክስ ምልክቱ ከፊቱ ፊደል ስላለው እንደ ሃሽታግ አያየውም፤ ቀለሙ ሳይለወጥ ተራ ጽሑፍ ሆኖ ይቀራል። «#በጎንደር» ብንል ደግሞ ሃሽታግ ይሆናል፣ ነገር ግን ከ«#ጎንደር» የተለየ ሌላ ክምችት ውስጥ ይገባል፤ «#ጎንደርን»ም እንዲሁ። መድኃኒቱ በቋንቋው ውስጥ አለ። «#ጎንደር ውስጥ» ወይም «#ጎንደር ላይ» ብሎ ስሙን ነጻ ማውጣት ይቻላል። አለዚያም ሃሽታጉን ከዐረፍተ ነገሩ አውጥቶ ለብቻው ማቆም ነው። ቲክቫህ ኢትዮጵያን የመሰሉ ሰፊ የቴሌግራም ቻናሎች ሃሽታጉን ከጽሑፉ ራስ ላይ ብቻውን ማስቀመጣቸው ለዓይን ማማር ብቻ ሳይሆን ይህንንም ችግር ይፈታል።

የፊደል ምርጫም አለ። «ጎንደር» እና «ጐንደር» ለአንባቢ አንድ ናቸው፤ በኮድ ግን የተለያዩ ፊደላት ናቸው። አንዱን የሚከተል ሌላውን ላያገኝ ይችላል። ስለዚህ ገጹ አንድ አጻጻፍ መርጦ በዚያ መጽናት አለበት። ቲክቶክ ላይ ደግሞ ብዙ ወጣትና በውጭ ያደገ ሰው የሚፈልገው በላቲን ስለሆነ #ጎንደር እና #Gondar ጎን ለጎን ይገባሉ። ኤክስ ላይ እንኳ የላቲኑ 7፣ የአማርኛው 9 ነው የሚወስደው። ፌስቡክ ላይ ግን ከአንድ ወይም ከሁለት በላይ ሃሽታግ አላስቀምጥም። እዚያ ሰው ወደ ጽሑፉ የሚመጣው በሼር ነው፤ መጨረሻው ላይ የተደረደረ ሰማያዊ ቃል ደግሞ ጽሑፉን የማስታወቂያ መልክ ያሰጠዋል።

ሊንክ ከሁሉም በላይ ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ ሲበላሽ ጸሐፊው አያየውምና። ቴሌግራም ላይ ቃልን መርጦ ሊንክ ከሥሩ መደበቅ ይቻላል፤ «ሙሉውን እዚህ ያንብቡ» የሚለው እንዲህ ነው የሚሠራው። ያንኑ ጽሑፍ ገልብጠን ፌስቡክ ላይ ስንለጥፈው ቃሉ ይመጣል፣ አድራሻው ይቀራል። አንባቢ «እዚህ» የሚለውን ሲጫን ምንም አይከፈትም። የቻናል ስምም እንደዚሁ ነው። ቴሌግራም ላይ በ@ የሚጀምረው ፊርማ ኤክስ ላይ ሲለጠፍ፣ በዚያ ስም እዚያ የተመዘገበ ሌላ ሰው ካለ እሱን ይጠራል። ስለዚህ ከቴሌግራም ውጪ የቻናሉን አድራሻ በ t.me/ ጀምሬ ሙሉውን እጽፋለሁ። ከሊንክ በኋላ ደግሞ አራት ነጥብ አላጣብቅም፤ አንዳንድ መተግበሪያ «።»ን የአድራሻው ክፍል አድርጎ ይወስደዋል። ሊንክ ለብቻው በአንድ መስመር ላይ ሲቀመጥ ይህ ሁሉ ይቀራል።

ፌስቡክ ላይ ሊንክን ኮሜንት ውስጥ ማስቀመጥ የተለመደ ሆኗል፤ በእኔ ገጽም ሊንክ የሌለው ፖስት የበለጠ ሰው ጋ ይደርሳል። ግን ዋጋ አለው። ፖስቱ ሼር ሲደረግ ኮሜንቱ አብሮ አይሄድም፤ አዲሱ አንባቢ ምንጩን አያገኝም። እኔ መሃል ላይ እቆማለሁ፦ ሊንኩ ከመጀመሪያው ኮሜንት ላይ ይገባል፣ የቻናሉ ስም ደግሞ በጽሑፉ የመጨረሻ መስመር በቃል ይጻፋል። ቲክቶክ ላይ ካፕሽን ውስጥ የተጻፈ አድራሻ አይጫንም፤ በዩቲዩብ ሾርትስም እ.ኤ.አ. ከኦገስት 2023 መጨረሻ ጀምሮ እንዲሁ ነው። እዚያ ስሙን በድምፅ መናገርና በምስሉ ላይ መጻፍ ይሻላል፤ ለፍለጋ የሚመች አጭር ስም ከሆነ ተመልካቹ ራሱ ይጽፈዋል።

ለቴሌግራም የቀረው የፎቶ ነገር ነው። ተራ ጽሑፍ 4096 ምልክት ይይዛል፤ ፎቶ ሥር የሚገባው ግን ለማይከፍል ተጠቃሚ 1024 ብቻ ነው፤ ደግነቱ እዚህ ፊደላችን እንደ አንድ ይቆጠራል። የጭልጋው ጽሑፍ ከ1024 ይበልጣል፤ ፎቶም ይፈልጋል። ስለዚህ ፎቶውን በዋናው ድረ ገጽ ላይ አስገብቼ፣ ቴሌግራም ላይ እንደ ጽሑፍ ለቅቄ፣ የሊንኩ ቅድመ ዕይታ በትልቁ ከጽሑፉ በላይ እንዲታይ አደርጋለሁ። እንዲህ ሲሆን ሁለቱም ይገኛሉ። ርእስ ወይም ፎቶ ከታረመ በኋላ ግን ቴሌግራም የድሮውን ቅድመ ዕይታ ይዞ ይቆያል፤ አድራሻውን ለ @WebpageBot መላክ ያድሰዋል። ፌስቡክም Sharing Debugger የሚባል ተመሳሳይ መሣሪያ አለው።

ከለቀቅኩ በኋላ የራሴ ባልሆነ ስልክ፣ በሞባይል ዳታ ከፍቼ፣ ሃሽታጉንና ሊንኩን አንድ በአንድ እጫናለሁ። «#ጭልጋ» ስጫን የራሴ ፖስት ከተዘረዘሩት መካከል ካልታየ፣ መጀመሪያ የማየው ከምልክቱ በፊት የተጣበቀ ፊደል እንዳለ ነው።