አቼቶው መሃል ድረስ ሲገባ

ካሮት፣ ቃሪያና ተርኒፕ አቼቶ ውስጥ ምን ያህል ይቆያሉ የሚል ጥያቄ ከደንበኞቼ ብዙ ጊዜ ይደርሰኛል። ቁጥር ከመናገሬ በፊት ግን ውሃውን እንዴት እንደመጠኑት እጠይቃለሁ። የአንድ ጠርሙስ ዕድሜ በአብዛኛው የሚወሰነው ክዳኑ በተገጠመበት ቀን ነው፤ ፍሪጅ ያንን ዕድሜ ያራዝማል እንጂ በትክክል ያልተመጠነውን አያድንም።

ሥራውን የለመድኩት ቤይሩት፣ ሰው ቤት ተቀጥሬ ሳለ ነው። እዚያ ተርኒፕ ከቀይ ሥር ቁራጭ ጋር ይገባና ሮዝ መልክ ይዞ ከፋላፌልና ከሻዋርማ ጋር ይቀርባል። ማዳም ለአንድ ኩባያ አቼቶ ሦስት ኩባያ ውሃ ትለካ ነበር፤ ጨውም በርከት ታደርግበታለች። አቼቶው ጥቂት ስለሆነ አትክልቱ በጨው ውሃው ውስጥ ቀስ ብሎ ይቦካል፤ ጎምዛዛነቱ የሚመጣው ከመቡካቱም ከአቼቶውም ነው። ጥሩ አሠራር ነው፤ ግን በየቀኑ አይቶ የሚጠብቀው ሰው ይፈልጋል። አዲስ አበባ ተመልሼ ለሰው መሸጥ ስጀምር ጠርሙሱ ከእጄ ከወጣ በኋላ የት እንደሚቀመጥ አላውቅምና ግማሽ አቼቶ፣ ግማሽ ውሃ አደረግሁት።

ምክንያቱን ለመረዳት አትክልቱ ራሱ ውሃ መሆኑን ማስታወስ ይበቃል። ካሮትም ቃሪያም ተርኒፕም ከክብደታቸው ከአሥር ዘጠኙ እጅ ያህል ውሃ ነው። ጠርሙስ ውስጥ ሲገቡ ያ ውሃ ወደ ውጭ ይወጣል፣ አሲዱ ወደ ውስጥ ይገባል፣ በመጨረሻም ሁሉም አንድ ዓይነት ጉምዘት ይይዛል። ስለዚህ ዋናው ነገር ያፈሰስነው ውሃ ሲቀመስ ምን ያህል ይኮመጥጣል ሳይሆን፣ አሲዱ ለጠቅላላው ክብደት ሲካፈል ምን ያህል ይደርሳል የሚለው ነው።

አንድ ሊትር ተኩል የሚይዝ ሰፊ አፍ ያለው ጠርሙስ እንውሰድ። 400 ግራም ካሮት፣ 300 ግራም ተርኒፕ፣ 100 ግራም ቃሪያ ይገባበታል። ቀሪውን ቦታ የሚሞላው 700 ሚሊ ሊትር ያህል ውሃ ነው፦ 350 አቼቶ፣ 350 ውሃ፣ 35 ግራም ጨው። ጠርሙሱ ላይ 5 በመቶ የሚል አቼቶ ከሆነ በውስጡ 17 ግራም ተኩል አሲድ አለ። ይህ ለአትክልቱም ለውሃውም ሲካፈል ከመቶ አንድ ነጥብ ሁለት ገደማ ይሆናል። በማዳም ልክ ብሠራው ኖሮ የዚህ ግማሽ ነበር። አቼቶው 4 በመቶ ከሆነ ደግሞ ያንኑ አሲድ ለማግኘት ወደ 440 ሚሊ ሊትር ከፍ አድርጌ ውሃውን 260 አደርጋለሁ። ስለዚህ ጥንካሬው ያልተጻፈበትን አቼቶ ለዚህ ሥራ አልገዛም።

የምፈራው ቦቱሊዝም የሚያመጣውን ባክቴሪያ ነው። አየር በሌለበት ይኖራል፤ መርዙም ሽታና ቀለም ሳይለውጥ ሊኖር ይችላል። ፒኤች ከ4.6 በታች ሲወርድ ግን ማደግ አይችልም። እኔ ከሳምንት በኋላ ወፍራም የሆነውን የካሮት ቁራጭ አውጥቼ መሃሉን እጨፈልቅና የፒኤች ወረቀት አስነካዋለሁ። ውሃውን ብቻ መለካት ያታልላል፤ ውሃው ከመጀመሪያውም ጎምዛዛ ነው። መሃሉ 4 ወይም ከዚያ በታች ካላሳየኝ ያንን ጠርሙስ አልሸጥም።

መሃል ድረስ መድረስን በተመለከተ ሦስቱ አትክልቶች አንድ አይደሉም። ካሮት ጠጣር ስለሆነ ቀጠን አድርጌ እቆርጠዋለሁ፤ በሚፈላው የአቼቶ ውሃ ውስጥም ለአንድ ሁለት ደቂቃ አሳልፈዋለሁ። ድስቱ የማይዝግ ብረት ወይም ኢናሜል መሆን አለበት፤ አቼቶ አሉሚኒየምን ይበላል። አስቸጋሪው ቃሪያ ነው። ሳይቀደድ ከገባ በሆዱ ያለው አየር ያንሳፍፈዋል፣ ውጩ ኮምጥጦ ውስጡ ግን አሲድ ሳይነካው ይቀራል። ስለዚህ እያንዳንዱን ቃሪያ ከመሃል እስከ ጫፍ እሰነጥቀዋለሁ፣ ከካሮቱም ሥር አስገብቼ እንዳይንሳፈፍ አደርጋለሁ። በጥቂት ቀናት ውስጥ ብሩህ አረንጓዴው ወደ ወይራ መልክ ይለወጣል። አሲዱ ቅጠላማውን ቀለም ስለሚለውጠው ነው እንጂ ተበላሽቶ አይደለም። ነጭ ሽንኩርት ጣል ካደረጉ ደግሞ አንዳንዴ ሰማያዊ ይሆናል፤ እሱም ጉዳት የለውም።

ተርኒፕ እንደ ካሮት በየጉልቱ አይገኝም። ትከሻው ወይን ጠጅ፣ ታቹ ነጭ የሆነውን፣ ከቡጢ የማይበልጠውን እመርጣለሁ፤ ትልቁ ውስጡ ቡሽ ይሆናል። በጣት ውፍረት እቆርጠዋለሁ። በመጀመሪያው ሳምንት ክዳኑን የከፈተ ሰው የጎመን ዓይነት ከባድ ሽታ ያገኘዋል፤ ደንበኞቼን አስቀድሜ አስጠነቅቃለሁ፣ አለበለዚያ ደህናውን ይደፉታል።

ትኩሱን ውሃ አትክልቱን እስኪሸፍን አፍስሼ፣ ከአፉ አንድ ጣት ያህል ትቼ እዘጋዋለሁ፤ ሲቀዘቅዝ ፍሪጅ ይገባል። በሳምንቱ ይበላል። ተርኒፑ እስከ ስድስተኛው ሳምንት ገደማ ይንኮሻኮሻል፣ ከዚያ ይለሰልሳል። ካሮቱና ቃሪያው እስከ ሦስት ወር ጥሩ ናቸው፤ እንዲያውም ቃሪያው ከወር በኋላ ነው የሚጣፍጠው፤ ማቃጠሉንም ለካሮቱ ያካፍላል። ስለዚህ ሦስቱን አንድ ላይ ያስገባ ሰው በተርኒፑ ዕድሜ ቢቆጥር ይሻለዋል፤ ለረጅም ጊዜ የሚፈልግ ግን ተርኒፑን ለብቻው ያድርገው።

ከፍሪጅ ውጭ ዓመት ማቆየት የሚፈልግ ደግሞ ሌላ ሥራ ይጠብቀዋል። አቼቶው ከግማሽ በላይ መሆን አለበት፤ ጠርሙሱም ከተዘጋ በኋላ በፈላ ውሃ ውስጥ ይቀቀላል። የአሜሪካ ግብርና መሥሪያ ቤት ካሮት በብዛት አቼቶ ውስጥ ሲገባ ግማሽ ሊትር ገደማ ለሚይዝ ጠርሙስ በባህር ጠለል አካባቢ 15 ደቂቃ፣ ከ1,800 ሜትር በላይ ግን 25 ደቂቃ ያዝዛል። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ ውሃ እዚህ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ ሙቀቱ ዝቅ ያለውን በጊዜ ማካካስ ግድ ነው። ከቆላ አገር የተጻፈ መመሪያን እዚህ እንዳለ መከተል አይሆንም። የእኔ ግማሽ በግማሹ ውሃ ለፍሪጅ ብቻ ነው።

መበላሸቱ በምን ይታወቃል? ጸጉር ያለው ሻጋታ ከታየ ሙሉው ይደፋል፤ ከላይ ገፎ ታቹን መብላት የለም። በአቼቶ በተሠራ ጠርሙስ ውስጥ አረፋ ሽቅብ የሚወጣ ከሆነ፣ ክዳኑ ካበጠ፣ ወይም ቁራጩ በጣት ሲያዝ የሚያሙለጨልጭ ከሆነ አሲዱ አልበቃም ማለት ነው። ከላይ የሚሰፍረው ስስ ነጭ ሽፋን የእርሾ ዘር ነው፤ ራሱ መርዝ ባይሆንም አሲዱን እየበላ ለሌላው በር ይከፍታልና እሱንም እደፋዋለሁ። ውሃው በጥቂቱ መደፍረሱ ግን ብዙ ጊዜ ከጨው ነው፤ የታሸገ ደቃቅ ጨው እንዳይጋገር የሚጨመርበት ነገር ያደፈርሰዋል።

አትክልቱ ካለቀ በኋላ የሚተርፈው ውሃ ውስጥ አዲስ ካሮት አይገባም። ጉልበቱ ለመጀመሪያው አትክልት ተካፍሏል፤ ሁለተኛው ሲገባበት እንደገና ይካፈላል፣ ስንት እንደቀረውም አይታወቅም። እኔ ሰላጣ ላይ እጨምረዋለሁ፤ ቃሪያው ስላለበት ቲማቲምና ሽንኩርት ላይ ጥሩ ነው።