ጥናቱን ወደ ማሳ ማውረድ

በ2017 እ.ኤ.አ. ዳንኤላ ካሪጆ፣ ማርክ ለንዲና ብሩስ ሊንክዊስት በ«ፊልድ ክሮፕስ ሪሰርች» መጽሔት ያወጡት ጥናት ወረታ ውስጥ ሩዝ ላይ ለሚሠራ ሰው ሊደርሰው የሚገባ ነው። ጥያቄው የሩዝ ማሳ ዘወትር ውሃ እንደተኛበት መክረም አለበት ወይስ ውሃው አልፎ አልፎ ቢጎድል ችግር የለውም የሚል ነው። ቀድሞ የተሠሩ 56 ጥናቶችን ሰብስበው፣ ጎን ለጎን የተሞከሩ 528 ንጽጽሮችን አንድ ላይ መርምረዋል። እንዲህ ያለውን ጽሑፍ ለልማት ጣቢያ ሠራተኛ በአንድ ገጽ ሳሳጥር ብዙ ጊዜ የሚወስድብኝ አንባቢው ማሳው ላይ ምን እንደሚያደርግ ማሰቡ ነው።

ውሃውን አልፎ አልፎ የማጉደሉ ዘዴ የእንግሊዝኛ ስም ቃል በቃል ሲመለስ «እያረጠቡ ማድረቅ» ይሆናል። የፎገራ ገበሬ ግን ደረቀ ሲባል የሚታየው ዋልካው ተሰንጥቆ አፉን የከፈተበት መሬት ነው። ጥናቱ የሚመክረው ይህንን አይደለም። ውሃው ከላይ ይጠፋል እንጂ ሥሩ ያለበት አፈር እንደራሰ ይቆያል። ዋልካ አንዴ ከተሰነጠቀ ደግሞ ቀጥሎ የሚለቀቀው ውሃ በስንጥቁ ወደ ታች ስለሚሰርግ ቁጠባው ራሱ ከንቱ ይቀራል። ስለዚህ «ውሃውን እያጎደሉ መመለስ» ብዬ እጽፋለሁ።

ቀጥሎ ልኩ ይመጣል። ተመራማሪዎቹ መለስተኛ ያሉትን ጉድለት ከከባዱ የለዩት በ20 ኪሎፓስካል ነው። ይህ ሥር ከአፈር ውሃ ለመሳብ የሚያስፈልገው ኃይል መለኪያ ነው፤ መሣሪያው በገበሬው እጅ የለም። ደግነቱ ጥናቱ ሌላም መለያ አስቀምጧል፤ ውሃው ከመሬቱ ወለል በታች ከ15 ሴንቲ ሜትር ካልወረደ ጉድለቱ መለስተኛ ነው። እዚህ ላይ «አንድ ስንዝር» ብሎ መገላገል ያምራል፤ የጎልማሳ ስንዝር ግን ከ20 ሴንቲ ሜትር ያልፋልና ሩዙን ወደ ከባዱ ወገን ይገፋዋል። የሚሻለው ፊሊፒንስ ያለው ዓለም አቀፍ የሩዝ ምርምር ተቋም የሚመክረው ቱቦ ነው። ርዝመቱ 30 ሴንቲ ሜትር የሆነና ጎኑ በየቦታው የተበሳ ቱቦ ወይም ቀርከሃ ግማሹ መሬት ውስጥ ይቀበራል፤ በውስጡ ያለው አፈርም ተጠርጎ ይወጣል። ከቱቦው ግርጌ ውሃ መታየት ሲያቆም የማጠጫው ጊዜ ደርሷል ማለት ነው። ገበሬው ቁጥሩን ባያስታውስ እንኳ ቱቦው ያስታውስለታል።

አደገኛው ግን ቀላል የሚመስለው ነው። ጥናቱ በመለስተኛው ጉድለት ምርቱ በአብዛኛው «በጉልህ አልቀነሰም» ይላል። በተመራማሪ አፍ ይህ ማለት የታየው ልዩነት በአጋጣሚ ከሚመጣ ልዩነት አልተለየም ማለት ነው፤ በአማርኛ ግን «ጉልህ» ትልቅ ነውና አንባቢው «ትንሽ ቀንሷል» ብሎ ይረዳዋል። «ምንም አልቀነሰም» ብዬ ብጽፈውም ጥናቱ ያላለውን ማለቴ ነው። የምጽፈው «ምርት ቀንሷል ለማለት የሚያበቃ ልዩነት በአብዛኛው አልታየም» የሚለውን ነው። ዓረፍተ ነገሩ ይረዝማል፤ «በአብዛኛው» የምትለውን ቃል ግን ቦታ ለመቆጠብ ብዬ አላወጣትም።

መቶኛውንም በኩንታል እመልሰዋለሁ። በጥማድ 10 ኩንታል ያልተፈለፈለ ሩዝ የሚያገኝ ሰው እናስብ። ከባዱ ጉድለት ምርትን በ22.6 በመቶ ቀንሷልና ከዚህ ሰው ላይ ሁለት ኩንታል ከ26 ኪሎ ይወስዳል። የሁሉም ንጽጽር አማካይ ጉዳት 5.4 በመቶ ነው፤ ወደ 54 ኪሎ ይሆናል። ብዙ አሳጣሪ የሚያነሳው ይህንን አማካይ ነው፤ መለስተኛውንና ከባዱን ቀላቅሎ የያዘ ቁጥር ስለሆነ ግን ለገበሬ የሚጠቅመው ነገር የለም። መለስተኛው ለብቻው ሲታይ 23.4 በመቶ ውሃ ቆጥቧል፤ ይህ ግን በአማካይ የተገኘ እንጂ ለእያንዳንዱ ማሳ የተሰጠ ቃል አይደለም። የምርት ጉዳቱ የከፋው ፍግና ብስባሽ በራቀው አፈር፣ ኮምጣጣ ባልሆነ አፈር እና ጉድለቱ ወቅቱን ሙሉ በቀጠለበት ማሳ እንደነበርም ሳይጻፍ መቅረት የለበትም። ሩዙ በሚያብብበት ሰሞን ማሳው ውሃ አይጎድልበት የሚለው ምክርም ከዚሁ ጋር ይሄዳል።

ከዚህ ሁሉ የሚቀድም አንድ መስመር አለ። የፎገራ ሩዝ በአብዛኛው የሚበቅለው በክረምት ዝናብና ከጉማራና ከርብ በሚመጣ ጎርፍ ነው። ውሃውን ከፍቶ መዝጋት የማይችል ገበሬ ይህን ዘዴ ሊጠቀምበት አይችልም። ጥናቱ ይህንን አይነግረንም፤ የተጻፈው ለእኛ ሜዳ አይደለምና። ስለዚህ የማጠቃለያው የመጀመሪያ መስመር «ይህ ምክር በመስኖ ለሚያለሙ ብቻ ነው» የሚል መሆን አለበት።

እንዲህ ያለ ሥራ የያዛችሁ ሁሉ፣ ወረቀቱን ከማባዛታችሁ በፊት ሩዝ ለሚያለማ አንድ ሰው አንብቡለትና «እንግዲህ መቼ ታጠጣለህ?» ብላችሁ ጠይቁት። መልሱ ከጥናቱ ጋር ካልገጠመ የሚስተካከለው ወረቀቱ ነው።