የሰሊጥ አጨዳና የወር አበባ

ማንቡክ ላይ አዋላጅ ነርስ ሆነህ ስትሠራ ጥቅምትና ኅዳር የራሳቸው ጥያቄ ይዘው ይመጣሉ። ሰሊጥ የሚታጨደው በዚህ ሰሞን ነው። እናቶች ማለዳ ወደ እርሻ ይወርዳሉ፤ ሕፃኑ ከታላቅ እህቱ ጋር ቤት ይቀራል። ከሳምንታት በኋላ ደግሞ ግራ ተጋብተው ይመጣሉ፦ «ሲስተር፣ አበባዬ መጣ፣ ከዚያ ጠፋ። አርግዤ ይሆን?»

አንዲት እናት በግንቦት ልደታ ሰሞን ወለደች እንበል። የአራስ ደሟ በ45 ቀኑ ክትባት ጊዜም ጠብ ጠብ ይል ነበር። ይህን የወር አበባ ብዬ አልመዘግበውም። በምታጠባ ሴት ላይ እስከ 56ኛው ቀን ድረስ የሚታይ ደም ከወሊዱ ጋር የተያያዘ ተደርጎ ይወሰዳል። ከዚያ ወዲህ ሁለት ቀን ተከታትሎ ከፈሰሰ ግን የወር አበባ መመለስ ብዬ እይዘዋለሁ።

ሐምሌና ነሐሴ አልፈው መስከረም ሲገባም ምንም አላየችም። ልጁ ቀንም ሌሊትም፣ በፈለገ ቁጥር ይጠባል። ጡት በተጠባ ቁጥር ለአንጎል መልእክት ይደርሳል፤ እንቁላል እንዲያድግ የሚያዘው ሆርሞንም በወጉ እንዳይረጭ ይገታል። ወተት የሚያመርተው ፕሮላክቲንም በዚያው ከፍ ይላል። ሕፃኑ ስድስት ወር ካልሞላው፣ ከጡት በቀር ሌላ ነገር ካልቀመሰ፣ እናቲቱም የወር አበባ ካላየች፣ ከ100 እናቶች የሚያረግዙት 2 ገደማ ብቻ ናቸው። ሦስቱም አብረው መገኘት አለባቸው፤ አንዱ ከጎደለ ጥበቃው ላልቷል።

ስለዚህ ጡት በማጥባት እርግዝናን ስለምትከላከል እናት የማስቀድመው ጥያቄ ስለ ደም ሳይሆን ስለ ጡቱ ነው። «ትናንት መጀመሪያ መቼ አጠባሽ? ቀጥሎስ? ሌሊትስ?» ቀን ከአራት ሰዓት፣ ሌሊት ከስድስት ሰዓት በላይ ክፍተት ካለ እጠነቀቃለሁ። ማንቡክ ቆላ ስለሆነ ደግሞ ሌላ ጥያቄ እጨምራለሁ፤ «ሲጠማው ውኃ ትሰጪዋለሽ?» «ታጠቢያለሽ?» ብዬ ብቻ ብጠይቅ ሁሉም አዎ ይላሉ፤ እውነታቸውንም ነው።

የዚህችኛዋ መልስ ነገሩን ገለጠው። አጨዳ ከተጀመረ ወዲህ ጠዋት አጥብታ ትወጣለች፣ የምትመለሰው ከቀትር በኋላ ነው። በመሀል እህቱ ውኃና ቀጭን አጥሚት ታቀምሰዋለች። በጥቅምት ሚካኤል ሰሞን ለሁለት ቀን ትንሽ ደም አየች። ኅዳር ጽዮን አለፈ፣ ምንም የለም። ታኅሣሥ ሲጠባ ጨንቋት መጣች።

የሽንት ምርመራው እርግዝና አላሳየም። ነገር ግን አንድ ጊዜ መመርመሩ ብቻውን አይበቃም፤ በቅርብ ሳምንታት ከባሏ ጋር ከተገናኘች ገና የማይታይ እርግዝና ሊኖር ስለሚችል፣ ደም ካልመጣ ከሦስት እስከ አራት ሳምንት በኋላ ይደገማል። የእሷ ደም በታኅሣሥ አጋማሽ መጣ፤ ስምንት ቀን ቆየ፣ ከወትሮውም በዛ።

ይህ ሁሉ በሽታ አይደለም። ጡት ሲቀንስ የተገታው ሆርሞን በአንድ ጊዜ አይነቃም። እንቁላል ማደግ ይጀምርና ሳይወጣ ይቀራል፤ ማህፀን ግን በዚያው ሽፋን ስላበጀ ሽፋኑ ሲፈርስ ደም ይታያል። ሌላ ጊዜ እንቁላሉ ይወጣል፣ ሁለተኛው የዑደቱ ክፍል ግን ያጥራል። አጨዳው ሲያበቃ ልጁ እንደገና አብዝቶ ሲጠባ ደግሞ የጀመረው ተመልሶ ይገታል። የጥቅምቱና የታኅሣሡ ደም አለመመሳሰል ከዚህ የመጣ ነው። ዑደቱ እየተስተካከለ የሚሄደው ጡቱ እየቀነሰ ሲሄድ ነው።

አስቸጋሪው ነገር እንቁላል ከደም ሊቀድም መቻሉ ነው። በመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት የሚታየው የመጀመሪያ ደም ብዙ ጊዜ እንቁላል ሳይወጣ የሚመጣ ነው። ከስድስት ወር በኋላ ግን እንቁላሉ ቀድሞ መውጣቱ እየበዛ ስለሚሄድ፣ አንዳንዷ አንድም ጊዜ ደም ሳታይ ታረግዛለች። «አበባዬ ይምጣና መከላከያ እጀምራለሁ» የሚለውን የማልወደው ለዚህ ነው። ቀን ቆጥሮ መጠንቀቅም ቢያንስ ሦስት ጊዜ አይታ ዑደቷ እስኪስተካከል መቆየት አለበት። ጭራሽ የማታጠባ ሴት ደግሞ በ25ኛው ቀን እንኳ እንቁላል ልታወጣ ትችላለች፤ በአብዛኞቹ ግን ከስድስት ሳምንት በፊት አይሆንም።

ደሙ ጨርቅን በየሰዓቱ የሚያርስ ከሆነ፣ መጥፎ ሽታ ካለው፣ ትኩሳት ካለ፣ ወይም ከብርቱ የሆድ ቁርጠት ጋር ከመጣ ጡት ነው ብሎ መጠበቅ የለም። ያኔ ኢንፌክሽንን፣ ማህፀን ውስጥ የቀረ ቁራጭን፣ ከማህፀን ውጪ የሆነ እርግዝናን መፈለግ ነው።

እናቲቱ የሦስት ወሩን መርፌ መረጠች። መርፌው ራሱ ደምን ያዛባል፤ ጠብ ጠብ ያደርጋል፣ ቆይቶም ሊያቆመው ይችላል። ስለዚህ ከመስጠቴ በፊት የጥቅምቱን ሁለት ቀንና የታኅሣሡን ስምንት ቀን ካርዷ ላይ ጻፍኩ። በመጋቢት ሌላ ባለሙያ ቢያያት የትኛው ከጡቱ፣ የትኛው ከመርፌው እንደመጣ መለየት የሚችለው በዚያ ነው።